ስታቢላይዘር እያለው የዕቃ ማጠቢያዬ ቦርድ ተቃጠለ፣ እንዴት ሊሆን ይችላል?

ማህሌት_ተ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ልብስ ማጠቢያና ዕቃ ማጠቢያ ማሽን አለኝ፣ ሁለቱም 5000 ቪኤ የሚል ስታቢላይዘር ላይ ነው የተሰኩት። እኛ ጋ ማታ ማታ መብራቱ በጣም ይደክማል፣ የስታቢላይዘሩ መግቢያ 155፣ 160 እያለ ያሳያል፣ መውጫው ግን ሁሌም 220 ስለሆነ ተማምኜ ነው የምጠቀመው።

ባለፈው ማታ ዕቃ ማጠቢያው እየሰራ መብራት ጠፋ። ቆይቶ ሲመጣ ደሞ በጣም ደህና ሆኖ መጣ፣ የሳሎኑ አምፖል ሁሉ ቦግ አለ። ስታቢላይዘሩ ዝዝዝዝ እያለ መዞር ጀመረ፣ ወዲያው ከማሽኑ ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዛ በኋላ በቃ ምንም የለም፣ አንድም መብራት አይበራበትም። ልብስ ማጠቢያው ግን እዛው ስታቢላይዘር ላይ ተሰክቶ እያለ ምንም አልሆነም፣ ይሰራል፣ ችግሩ ማታ ማታ ሳጥብ ውሃ የሚደፋበት ላይ ሲደርስ ኤረር ያወጣና ይቆማል።

ጠጋኝ መጥቶ አይቶት ቦርዱ ሞቷል ሙሉው ይቀየር አለኝ። እኔ ሊገባኝ ያልቻለው ስታቢላይዘሩ ታዲያ ምን ሰራ? ትልቅ ልግዛ? ወይስ ብራንዱን ልቀይር?

ዮኒ22

እህቴ ስታቢላይዘር እኮ ለሰርጅ፣ ድንገት ለሚዘል ቮልቴጅ አይሆንም፣ እሱ ዝቅ ወይም ከፍ ያለውን ለማስተካከል ነው። ሰርጅ ፕሮቴክተር ያለው ኤክስቴንሽን ግዢና በሱ በኩል ሰኪ፣ አለቀ። ውስጡ ያለው ቫሪስተር በማይክሮሰከንድ ነው የሚውጠው።

እመቤት_ነኝ

እኔም ስታቢላይዘር ላይ ጥያቄ ነበረኝ። የፍሪጄ ስታቢላይዘር መብራት ሲመጣ ቶሎ አይሰራም፣ ቁጥሩ 220 እያሳየ ፍሪጁ ግን ሦስት ደቂቃ ያህል ዝም ይላል ከዛ ቀጭ ብሎ ይነሳል። ተበላሽቶ ነው? ልጄ ፊቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫኝው ወዲያው እንዲሰራ ይላል።

ጋሽ_ኃይሉ

እመቤት ልጄ በፍጹም እንዳትጫኚው፣ አልተበላሸም። የጠየቅሽው ሌላ ቢመስልም የማህሌትን መልስ ግማሹን ይዘሽ ነው የመጣሽው። ያ ማዘግየት ለፍሪጅ ኮምፕረሰር ተብሎ ነው የሚሰራው፣ ግን ሌላም ነገር ያድናል፣ እመለስበታለሁ።

ማህሌት፣ ብራንድም መጠንም ከማውራታችን በፊት ሦስት ነገር ንገሪኝ። ቮልቴጁን ሲያስተካክል ቀጭ ቀጭ ይላል ወይስ እንዳልሽው እንደ ሞተር ዝዝ ይላል? ፊቱ ላይ ማዘግየት የሚባል ወይም ሰከንድና ደቂቃ የተጻፈበት መምረጫ ቁልፍ አለው? ልብስ ማጠቢያውስ የምታጠፊው በሚዞር ወይም ገባ ወጣ በሚል ቁልፍ ነው ወይስ ጣት ሲነካው በሚሰራ?

ማህሌት_ተ

አመሰግናለሁ ጋሼ። ቀጭ አይልም፣ ዝዝ ብቻ ነው፣ ስንጥቁ ውስጥ ሲያዩት ክብ መዳብ ላይ የሚሄድ ነገር አለ። የማዘግየት ቁልፍ የለውም፣ ብሬከርና ሁለት ንባብ ብቻ ነው ያለው። ልብስ ማጠቢያው የድሮ ነው፣ ተጭነውት ገብቶ የሚቀር ቁልፍ ነው። ዕቃ ማጠቢያው በጣት የሚነካ።

ጋሽ_ኃይሉ

እንግዲያው ሰርቮ ነው፣ እኔም የጠረጠርኩት እሱን ነው። አንቺ ጋ ማሽኑን የመታው ከውጭ የመጣ ሰርጅ አይደለም ባይ ነኝ። የመታው ራሱ ስታቢላይዘሩ ነው።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳሽ። ያየሽው ክብ መዳብ ትራንስፎርመር ነው፣ ላዩ ላይ የሚሄደው ደሞ ካርቦን ነው፣ ትንሽ ሞተር ናት የምታንቀሳቅሰው። መግቢያው ሲደክም ካርቦኑ ወደ አንድ ጎን ይሄድና ያባዛል። 155 ገብቶ 220 እንዲወጣ በ1.42 ያህል ማባዛት አለበት። እዛ ቦታ ላይ ቆሞ እያለ መብራት ጠፋ። ሞተሯም መብራት ስለሌላት ካርቦኑ እዛው በነበረበት ቀረ። መብራቱ ሲመጣ ግን 155 ሆኖ አልመጣም፣ የሰፈሩ ሰው ምድጃና ማሞቂያውን ስላጠፋ ወይም መስመሩ ስለተስተካከለ 230 ሆኖ መጣ። ካርቦኑ ያንን 230 በ1.42 አባዛው፣ ወደ 327 ቮልት ማለት ነው። ሞተሯ ዝዝ እያለች ወደ ቦታዋ እስክትመለስ አንድ ሁለት ሰከንድ፣ የደከመች ከሆነች ከዛም በላይ ይፈጃል፣ በዛች ጊዜ ማሽኑ 300 ምናምን ቮልት ይጠጣል። በር በኃይል ሲገፋ የነበረ ሰው በሩ ከውስጥ ድንገት ሲከፈትለት በግንባሩ እንደሚደፋው ነው።

ማዘግየት ያለው ስታቢላይዘር ግን መጀመሪያ ካርቦኑን ያስተካክላል፣ ከዛ በኋላ ነው መውጫውን የሚለቀው፣ አምስት ስድስት ሰከንድ እንኳ ቢያዘገይ ለዚህ ይበቃል። እመቤት ያንቺ ፍሪጅ የሚጠብቀው እሱን ጭምር ነው።

ልብስ ማጠቢያሽ የተረፈው ደሞ ቁልፉ መስመሩን ስለሚቆርጠው ይመስለኛል። በጣት የሚነካ ማሽን ግን ጠፍቷል ብትዪም ቦርዱ ሁሌም መብራት ላይ ነው፣ ሥራ ላይ ባይሆን ኖሮም ያው ይመታ ነበር።

ዮኒ22

ጋሼ አሪፍ ነው ግን እኮ ቦርዱ ራሱ ላይ ቫሪስተር አለ፣ ለምን አላዳነውም? እኔ ያልኩት ኤክስቴንሽንም ያው ቫሪስተር ነው። ሁለት ሲሆኑ ይሻላል ብዬ ነው።

ቦርድ_ጠጋኝ

ዮኒ ግማሹን ትክክል ነህ፣ ቫሪስተር በጣም ፈጣን ነው፣ መብረቅ ሩቅ ወርዶ መስመሩ ላይ የሚላክ ወይም ትልቅ ሞተር ሲጠፋ የሚፈጠር ስለታማ ነገርን ይበላል። ግን የሚበላው ለማይክሮሰከንድ ነው። ለአንድ ሙሉ ሰከንድ 320 ቮልት ብትሰጠው በመሀል ሊግል፣ ሊሰነጠቅ፣ ሾርት ሆኖም ፊውዙን ይዞት ሊሄድ ይችላል። ጧ ያለው እሱ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ኤክስቴንሽኑ ላይ ያለው ቢሆንም እንደዛው ነው የሚሆነው፣ ልዩነቱ ኤክስቴንሽኑ ውስጥ እሳት ሊነሳ መቻሉ ነው።

እነዚህን ቦርዶች በየጊዜው ስለምከፍታቸው ልንገራችሁ። መግቢያው ላይ ፊውዝ ወይም ፊውዝ ሆኖ የሚሰራ ሬዚስተር አለ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ወይም ቢጫ ጠፍጣፋ ክብ ነገር፣ ቫሪስተሩ እሱ ነው፣ ብዙ ጊዜ 431 ወይም 471 ተጽፎበታል። ከዛ ዳዮዶች፣ ከዛ 400 ቮልት የተጻፈበት ካፓሲተር፣ ከዛ ትንሽዬ ፓወር አይሲ። 230 ቮልት ወደ ዲሲ ሲቀየር ካፓሲተሩ ላይ 325 ያህል ነው፣ ምቾት አለው። 320 ሲገባ ግን 450 ይሆናል፣ ካፓሲተሩ ከአቅሙ በላይ ነው፣ አናቱ ያብጣል፣ አይሲው አንዳንዴ ለሁለት ይፈነዳል።

ማህሌት ቦርዱን አስወጥተሽ ተመልከቺው፣ ፎቶም ካለ አሳዪን። የፊውዙ መስታወት ውስጡ ጥቁር ከሆነ ከባድ ሾርት ነበር ማለት ነው። ቫሪስተሩ ከተሰነጠቀና ሌላው ሁሉ ንጹህ ከሆነ ግን ደስ ይበልሽ፣ ሥራውን ሰርቶ ነው የሞተው፣ ቦርዱ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ማህሌት_ተ

ፎቶ ማስገባት አልቻልኩም ግን ባለቤቴ አውጥቶት አይተነዋል። ፊውዙ እንደ ከሰል ጠቁሯል፣ ሰማያዊው ክብ ነገር ለሁለት ተከፍሏል፣ ዙሪያውም ጥላሸት ነው። ካፓሲተሩ አናቱ ትንሽ ከፍ ያለ ይመስላል ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ባለቤቴ ፊውዙን ብቻ ቀይሬ ልሞክር እያለ ነው።

ቦርድ_ጠጋኝ

ፊውዝ ብቻ እንዳይቀይር! ያ የተከፈለው ቫሪስተር ሾርት ከሆነ አዲሱም ፊውዝ ፊቱ ላይ ነው የሚፈነዳው። ቫሪስተሩን አውጥቶ ጥሎ ያለሱ መስራትም ልክ አይደለም፣ ይሰራል አዎ፣ ግን የሚቀጥለው ምት ቀጥታ ውስጥ ይገባል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ፊውዝና ቫሪስተር በተመሳሳይ ቁጥር ይቀየራሉ፣ ካፓሲተሩም አናቱ ካበጠ ይቀየራል፣ ዳዮዶቹና አይሲው በቴስተር ይታያሉ። ከዛ ቦርዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰካው ቀጥታ አልሰጠውም፣ 60 ወይም 100 ዋት የድሮ አምፖል በመስመሩ መሀል በተከታታይ አስገባለሁ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከጠፋ ወይም ደብዘዝ ካለ ጤነኛ ነው፣ በሙሉ ብርሃን ከቀረ ውስጥ ገና ሾርት አለ። ከዛ 5 ቮልቱና 12 ቮልቱ መኖሩን ነው የማየው።

አንድ ልታውቂው የሚገባ ነገር፣ የብዙ ማጠቢያ ማሽን ቦርድ 5 ቮልቱ ከመስመሩ ያልተለየ ነው፣ ትራንስፎርመር በመሀል የለም። ስለዚህ አይሲው ሲሞት ምቱ ወደ ዋናው ፕሮሰሰር ያለፈ ከሆነ በቃ ያንን ቦርድ መጠገን አይቻልም፣ ጠጋኙ ሙሉ ይቀየር ያለሽ ልክ ይሆናል። ሳይከፍትና ሳይለካ ካለሽ ግን ሌላ ሰው አሳዪው። ባለቤትሽም ነቅሎ ወዲያው እንዳይነካው፣ ካፓሲተሩ ቻርጅ ይዞ ይቆያል።

ሄኖክ_ኤ

ጣልቃ ልግባና እኔ ቤት ተመሳሳይ ነገር ሆኖ ነበር፣ አምፖል ቦግ ማለቱን ሳነብ ነው የታወሰኝ። እኛ ጋ ግን ኒውትራሉ ነበር የላላው፣ አንዳንድ ክፍል ቦግ ሲል ሌላው ይደበዝዝ ነበር፣ ቴሌቪዥንና የልብስ ማጠቢያው ቦርድ አብረው ሄዱ። ስለዚህ ስታቢላይዘሩን ከመውቀስ በፊት ኒውትራሉን አስፈትሹ፣ ሦስት ፌዝ ለገባለት ቤት ወይም ሕንፃ ኒውትራል ሲለቅ እስከ 380 ድረስ ሊሄድ ይችላል፣ የትኛውም ስታቢላይዘር አይችለውም።

ጋሽ_ኃይሉ

ሄኖክ ያልከው እውነት ነው፣ መታየትም አለበት። መለያው ራስህ የነገርከን ነው፣ ኒውትራል ሲላላ አንዱ ቦግ ሌላው ድብዝ ነው የሚለው፣ አንድ ከባድ ነገር ስታበራም ሌላ ቦታ ያለው አምፖል ይብሱን ይደምቃል። ይሄ ከታየ ዋናው ብሬከር ተዘግቶ የመብራት ሰው ይጠራል፣ ማሽን ስለማዳን ብቻ አይደለም፣ የላላው ቦታ ይግላል እሳትም ያነሳል።

ማህሌት፣ የኔን ግምት እንድትቀበዪ በቃል ብቻ አልፈልግም፣ መፈተሽ ይቻላል። ማሽኖቹን ሁሉ ከስታቢላይዘሩ ንቀዪ። ማታ መግቢያው 160 አካባቢ ሲሆን ንባቡን ጻፊና ብሬከሩን አጥፊው። ካርቦኑ እዛው ይቆያል። ጠዋት የግድግዳው ቮልቴጅ ደህና ሲሆን ከፍተኛውን ንባብ የሚይዝ ቴስተር፣ 600 ቮልት ኤሲ የሚችል መሆኑን አይታችሁ፣ መውጫው ላይ ሰክታችሁ ብሬከሩን አብሩ። ምንም ዕቃ ያልተሰካበት መሆኑን ደግመሽ አረጋግጪ።

ማህሌት_ተ

ጋሽ ኃይሉ እንዳሉት አደረግን! ማታ ስናጠፋው መግቢያ 158 መውጫ 220 ይል ነበር። ጠዋት ግድግዳው 229 ነበር፣ ስናበራው ዝዝ አለና 220 ላይ ቆመ፣ ቴስተሩ የያዘው ከፍተኛ ግን 314 ነው! እኔ እስከ ዛሬ ይሄንን እያበራሁ በየማታው ማሽኖቼን እየመታኋቸው ነው ማለት ነው? የክፍሎቹን አምፖልም አየን፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚደምቁት፣ ሄኖክ ያልከው ዓይነት የለም።

ጋሽ_ኃይሉ

158ን ወደ 220 ለማድረስ 1.39፣ ያንን በ229 ስታባዢው 319 ይመጣል። ቴስተርሽ 314 ማለቱ ቁጥሩን ለመያዝ ትንሽ ስለሚዘገይ ነው። አዎ፣ ማታ ደክሞ ጠፍቶ በረታ ብሎ በመጣ ቁጥር ቦርዱ ይሄን ቀምሷል፣ ቫሪስተር ደሞ በተመታ ቁጥር እየደከመ ነው የሚሄደው።

አሁን ትልቅ ስታቢላይዘር አትግዢ፣ ያው ተመሳሳይ ነገር ነው የሚያደርገው። ከስታቢላይዘሩ መውጫና ከማሽኑ መሀል ቮልቴጅ ፕሮቴክተር አስገቢ፣ ቁጥር የሚያሳየውን፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ራስሽ የምትሞይውን። እኔ ብሆን ከፍተኛውን 250፣ ዝቅተኛውን 180፣ ማዘግየቱን 180 ሰከንድ አደርገው ነበር። መብራት ሲመጣ ሦስት ደቂቃ ይይዝልሻል፣ ካርቦኑ እስከዛ ቦታውን ይዟል፣ መብራት ሳይጠፋ ድንገት ከዘለለም ከሰከንድ ባነሰ ይቆርጣል። ይሄ ሁለተኛው ነገር ማዘግየት ብቻ ያለው ስታቢላይዘር የማይሸፍነው ነው። 16 አምፒር የሚችል ይሁን፣ የማሽኑ ሂተር ብቻውን ዘጠኝ አስር አምፒር ይወስዳል።

ዮኒ ያለውም አይጣልም፣ የመብረቅ ምት ፕሮቴክተሩ ሊደርስበት ስለማይችል ዋናው ብሬከር ሳጥን ውስጥ የሰርጅ መከላከያ ቢገባ ጥሩ ነው፣ ግን ደህና ኧርዝ ከሌለ ብዙም አይሰራም።

ቦርድ_ጠጋኝ

እኔ ሰርቮውን ጥላ ሪሌይ ያለውን ብትገዛ እመርጥ ነበር፣ ቀጭ ቀጭ የሚለውን፣ በጣም ይፈጥናል፣ የሚጠፋ ካርቦንም የለውም።

ጋሽ_ኃይሉ

ይፈጥናል አዎ፣ ግን በደረጃ ስለሆነ የሚዘለው መውጫው 200 ሆኖ ቆይቶ 238 ይሆናል። ዋናው ፍርሃቴ ሌላ ነው፣ ርካሾቹ ላይ ሂተር ሲጎትት የሪሌዩ ጥርስ ተጣብቆ ይቀራል፣ ማባዣው ላይ ከተጣበቀ ደሞ ለሰከንድ ሳይሆን እስክታጠፊው ድረስ ነው 300 የሚሰጥሽ። ለሁለቱም ፕሮቴክተሩ ከኋላ ያስፈልጋል።

ቦርድ_ጠጋኝ

እሱ እውነት ነው፣ የተጣበቀ አይቻለሁ። ግን ማታ ማታ ለሚዋዥቅ መስመር አሁንም ሪሌይ ነው የምለው፣ ሰርቮ ሁሌ ሲሽከረከር ካርቦኑ ያልቃል።

ዮኒ22

ጥያቄ፣ 5000 ቪኤ ለሁለቱ ይበቃል ግን? ሁለቱም 2000 ዋት አካባቢ ናቸው አይደል።

ጋሽ_ኃይሉ

ጥሩ ጥያቄ ነው። በወረቀት ይበቃል፣ ማታ ግን አይበቃም። 2000 ዋት ሂተር ያለ ስታቢላይዘር 160 ቮልት ላይ ቢሰራ ኃይሉ ወደ ግማሽ ወርዶ ከመስመሩ የሚስበው 7 አምፒር እንኳ አይሞላም፣ ውሃው ቀስ ብሎ ይሞቃል እንጂ። ስታቢላይዘሩ 220 ሲሰጠው ግን ሙሉውን 2000 ይጎትታል፣ ከግድግዳው 12.5 አምፒር ነው። ሁለቱ ማሽኖች አብረው ካሞቁ 25 አምፒር በአንድ ሶኬት፣ ሶኬቱም ሽቦውም ካርቦኑም አይችሉትም። ስታቢላይዘሩ ላይ የተጻፈው ቁጥርም መግቢያው ደህና ሲሆን ነው፣ ሲደክም እስከ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ማህሌት ማታ አንዱን ብቻ፣ የሶኬቱንም ራስ በየጊዜው በእጅሽ ነክተሽ ማየት።

ማህሌት_ተ

እሺ፣ ፕሮቴክተሩን እናስገባለን፣ ማሽኖቹ ሲጨርሱም ሶኬቱን አጠፋለሁ። ቦርዱን ሌላ ሰው ጋ ወስደነዋል፣ ፊውዝ ቫሪስተርና ካፓሲተር ቀይሮ በአምፖል ሲያየው ደብዘዝ ብሎ ቆመ፣ 5 ቮልቱም አለ ብሎናል፣ ማሽኑ ላይ ገና አልገጠመውም። የቀረኝ ያ የልብስ ማጠቢያው ኤረር ነው። ማጣሪያውን አጠብኩት፣ ጠዋት ይደፋል፣ ማታ እምቢ ይላል። መውጫው 220 እያሳየ እንዴት?

ጋሽ_ኃይሉ

ኤረር ሲያወጣ በዛችው ሰዓት መውጫውን ተመልክተሽ ታውቂያለሽ? መግቢያው ከ140 በታች ከወረደ ካርቦኑ ጫፍ ላይ ደርሶ ይቆማል፣ ከዛ በኋላ መውጫውም ይወርዳል። የምትደፋዋ ፓምፕ ደሞ ቮልቴጅ ሲያንስባት ፕሮፔለሯን ማስነሳት አቅቷት እምምም እያለች ቆማ ትቀራለች። እኔ እሱን ነው የምጠረጥረው።

ቦርድ_ጠጋኝ

እኔ ግን ፓምፗ ራሷ አርጅታለች ባይ ነኝ፣ ጤነኛ ፓምፕ 180 ላይም ትነሳለች። ማሽኑን ንቅል አድርጋችሁ ፓምፗን በኦም ለኳት፣ ከ100 እስከ 200 ኦም አካባቢ ካሳየች መጠምጠሚያዋ ደህና ነው። ከዛ ፕሮፔለሯን በጣት አዙሯት፣ እየተያዘች ዘለል ዘለል ማለት አለባት፣ በደንብ የማትይዝ ወይም የምትወላወል ከሆነ ማግኔቷ ወይም ዘንጓ ሄዷል።

ማህሌት_ተ

ነገ ማታ ሳጥብ መውጫውን ቆሜ አያለሁ፣ ኦሙንም ባለቤቴ ይለካዋል። የሁለቱንም ቁጥር እጽፍላችኋለሁ።